ድንበር ሲገፋ፦ ሽማግሌ ይሻላል ወይስ ፍርድ ቤት?

ስድስት ዓመት ዐረብ አገር ኖሬ መንዝ፣ እናቴ ቤት የገባሁት በሰኔ ነው። በማግስቱ ጠዋት ከእናቴ ጋር ወደ ማሳው ወረድን። የወሰኑ ድንጋይ የድሮ ቦታው ላይ የለም። በእኛና በጎረቤታችን ማሳ መካከል ሳይታረስ የሚቆየው የሣር መስመርም ጠፍቷል። ድንጋዩን ሦስት እርምጃ ያህል ወደ እኛ ገብቶ አገኘሁት። የጎረቤታችን ፈር እስከ ድንጋዩ ሥር ድረስ መጥቷል።

እናቴ ጎንበስ ብላ ከአፈሩ ዘገነች፤ አየችና መልሳ ጣለችው።

«ለምን ለማንም አልተናገርሽም?» አልኳት።

«ማንን ይዤ? አንተ የለህ» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። የአባቴ ዱላ እቤት ማዕዘን ላይ እንደቆመ ነበር፤ አልደብቅም፣ ዓይኔ ሄዶበታል። ከዚያ «ነገ ወረዳ ሄጄ እከሰዋለሁ» አልኩ። እናቴ ግን «መጀመሪያ አባባን አነጋግር» አለች።

አባባ የመንደራችን ሽማግሌ ናቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ እንደ ሰፈሩ ልጆች አባባ እያልኩ እቀጥላለሁ። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። ለዕርቅ ሳይጠሩ የሚያልፉት ሳምንት የለም። በዚያ ላይ በፊት በቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው አገልግለዋል፤ ሁለቱንም ወንበር ያውቁታል። ያን ቀን ከቀትር እስከ ምሽት የነገሩኝን፣ በኋላ ደግሞ ሕጉን አንብቤ ያረጋገጥኩትን ነው እዚህ የምጽፈው። እንደ እኔ ከስደት ወይም ከከተማ ሲመለስ የቤተሰቡ ድንበር ተገፍቶ የጠበቀው ሰው ብዙ ነው። የቱን መንገድ መቼ መያዝ እንዳለበት ለመምረጥ ይረዳዋል ብዬ ነው።

የሽማግሌ ሥልጣን ከየት ይመጣል?

አባባ መጀመሪያ ያሉኝ ነገር ይህ ነው። «ልጄ፣ እኔ ዳኛ አይደለሁም። ፍርድ ቤት ሰውየው ወደደም ጠላም ይጠራዋል። መጥሪያ ደርሶት ከቀረ በሌለበት ያየዋል። ከፈረደበት መሬቱን በአፈጻጸም ያስለቅቀዋል። እኔ ግን 'አልመጣም' ካለኝ እዚህ ጥድ ሥር ብቻዬን ተቀምጬ እቀራለሁ።»

እኔ ያደግኩት ሽማግሌ የፈረደው አይሻርም ሲባል እየሰማሁ ነው። በሕጉ ዓይን ግን ነገሩ ሌላ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3347 ላይ፣ ሕጉ ባካተታቸው ጉዳዮች ላይ የነበረውን ልማዳዊ ደንብ ሽሮታል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 በር ከፍቷል። ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ፣ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊዳኝ ይችላል ይላል። የእርሻ ድንበር የግልም የቤተሰብም ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ በድንበር ነገር የሽማግሌ ቃል በራሱ ፍርድ አይሆንም።

ታዲያ ምንድን ነው? አባባ በአጭሩ መለሱልኝ። «ውል ነው። የእኔ ቃል ጉልበት የሚያገኘው አንተም እሱም እሺ ብላችሁ ስትፈርሙበት ነው።» እውነታቸውን ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 3307 ጀምሮ ሰዎች ክርክራቸውን እርስ በርሳቸው ሰጥተውና ተቀብለው የሚጨርሱበትን ስምምነት ያውቀዋል። እንዲህ ያለው ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ እንደሚቆጠር ቁጥር 3312 ይናገራል። የመሬት ሕጎቹም ሽምግልናን አይጠሉትም። የ1997ቱ የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ፣ በይዞታ ላይ ክርክር ሲነሳ መጀመሪያ ባለጉዳዮቹ ተወያይተው እንዲስማሙ ጥረት ይደረግ ይል ነበር።

ከዚህ የሚወጣው ምርጫ ቀላል ነው። ባላንጣህ ሽማግሌ ሲላክበት የሚቀመጥ፣ እሺ ሲል እሺታው የሚታመን ሰው ከሆነ በሽማግሌ ጀምር። «የሽማግሌ ወሬ አልሰማም» ብሎ በአደባባይ የተናገረ ሰው ከሆነ ግን ጊዜህን አታቃጥል፤ ክሰስ። የእኛ ጎረቤት በዕድርም በማኅበርም ከሰው ጋር የሚኖር ሰው ነው። ሰው ይንቀኛል ብሎ ይፈራል። ለአባባ ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

ማስረጃህ ምን ይናገራል?

«ደብተሩን አምጣ» አሉኝ። ሮጬ አመጣሁ። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተራችን መጀመሪያ የተሰጠው ዓይነት ነው። የእናቴ ፎቶ አለበት። የማሳው ስፋት ተጽፏል። በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ፣ በሰሜን መንገድ እያለ አዋሳኞቹን ይዘረዝራል። ካርታ ግን የለውም።

አባባ ገጹን በጣታቸው እየነኩ አስረዱኝ። «ይኼ ደብተር መሬቱ የእናትህ መሆኑን ይናገራል። ጎረቤታችሁም እሱን አልካደም። የካደው ድንጋዩ የነበረበትን ቦታ ነው። ደብተሩ ደግሞ ስለ ድንጋዩ አንድ ቃል የለውም።»

ይህን ልብ ብላችሁ ያዙት፤ ከሁሉም በላይ ምርጫውን የሚወስነው ይህ ይመስለኛል። ማሳችሁ በሁለተኛው ዙር በመሣሪያ ተለክቶ ካርታ ያለው ደብተር ከተሰጠው ፍርድ ቤት ጉልበታም ነው። ዳኛው የወረዳውን የመሬት ባለሙያ ያዝዛል፤ ባለሙያው ካርታውን ይዞ መጥቶ ይለካል፤ ነገሩ በወረቀት ያልቃል። ካርታ ከሌለ ግን ዳኛውም መጨረሻ ላይ የሚደገፈው በምስክር ነው። ምስክሮቹ ደግሞ እነዚያው የመንደሩ ሰዎች ናቸው። ወረዳ ድረስ አጓጉዘሃቸው ሁለቱም ወገን አምጥቶ አንዱ «እዚህ ነበር»፣ ሌላው «እዚያ ነበር» ይላል። ዳኛው ማሳውን በዓይኑ ላያየው ይችላል።

ሽማግሌ ግን ማሳው ላይ ይቆማል። አባባ አንድ ነገር አሳዩኝ። በማግስቱ ጠዋት ማሳው ዳር አብረን ሄድን። በድሮው ወሰን መስመር ላይ በዶማ አስቆፈሩኝ። አንድ ስንዝር ሳልደርስ አፈሩ ተለወጠ። ላይኛው ልል፣ በማረሻ የተፈጨ ነው። ከሥሩ ያለው ግን ድርቅ ያለ፣ የሰርዶ ሥር እንደ ክር የተጠላለፈበት ነው። ሁለት እርምጃ ወደ ጎረቤታችን ማሳ ገብተን ስንቆፍር ሰርዶ የለም። ወደ እኛም ስንቆፍር የለም። «ዘመን ሙሉ የታረሰ መሬት ሰርዶ አያኖርም» አሉኝ። «ሰርዶው ያለበት ያ ሳይታረስ የኖረው መስመር ነው። ድንበርህ የነበረው እዚህ ነው።» ዶማውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ችሎት ፊት ቆሜ ይህን እንዴት እንደማስረዳ አላውቅም። አምስት አራሽ ሽማግሌ ግን አንዴ ቢያየው ይበቃዋል።

ሰዓቱ እየቆጠረ ነው

ደስ ብሎኝ «በቃ፣ ሽማግሌ ይሻላል» ስል አባባ አቆሙኝ። ድንጋዩ መቼ እንደተነሳ ጠየቁኝ። አላውቅም ነበር። የእናቴን መሬት በእኩል የሚያርሰውን ሰው አስጠርተው ጠየቁት። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ «አምና ለሰኔ እርሻ ስመጣ ተነስቶ ነው ያገኘሁት» አለ። ለምን እንዳልተናገረ ስጠይቀው ጎረቤታችን የሚስቱ ዘመድ መሆኑን ነገረኝ። አልፈረድኩበትም፤ ግን አባባ «ይህን ሰው ብቻ ምስክር አድርገህ እንዳትተማመን» አሉኝ።

ጊዜውን የፈለጉት ለምን እንደሆነ ቆይቶ ገባኝ። በይዞታው ላይ የተደፈረ ሰው ፍርድ ቤት የሚያቀርበው አንድ ፈጣን ክስ አለ፤ በተለምዶ «ሁከት ይወገድልኝ» ይባላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1149 ይህን ክስ የሚፈቅደው ሁከቱ ከተፈጠረበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። እኛ አንዱን ዓመት በልተነዋል። የሽምግልና ቀጠሮ ደግሞ ይህን ቆጠራ ያቆመዋል ብሎ መተማመን አይቻልም።

«ብልጥ ሰው ይህን ያውቃል» አሉ አባባ። «ሽማግሌ ሲላክበት እሺ ይላል። ዛሬ ለቅሶ አለብኝ ይላል። ቀጥሎ በሬዬ ታመመ ይላል። ከዚያ ለጥምቀት፣ ከዚያ ለፋሲካ ይላል። አንተ በዕርቅ ላይ ነኝ ስትል ሁለት ዓመትህ ያልቅና ያኔ 'ሂድና ክሰስ' ይልሃል።»

ስለዚህ አንድ ቀን ቆረጥን። እስከ መስከረም ማብቂያ በወረቀት ካልተቋጨ ሽምግልናው ቀርቶ እናቴ ትከሳለች። ይህን ለጎረቤታችንም በላክናቸው ሰዎች በኩል በግልጽ አስነገርነው። የሚያስፈራራው ቢመስልም ነገሩን ያፈጠነው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

በፍርድ ቤቱ በኩልም ጊዜ ነፃ አይደለም። ክስ ተጽፎ የዳኝነት ይከፈልበታል፤ መጥሪያ ይደርሳል፤ ተከሳሽ መልስ ይሰጣል፤ ምስክር ይሰማል፤ ምናልባት ልኬት ይታዘዛል። ወረዳው ቢፈርድልህ እንኳ ተሸናፊው በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ሊል ይችላል። ለእኛ ያ ማለት ደብረ ብርሃን ማለት ነው። አንድ የገጠር ሰው በእያንዳንዱ ቀጠሮ አንድ የሥራ ቀን ያጣል፤ በሰኔና በኅዳር የሚጠፋ ቀን ደግሞ የዓመት እህል ነው።

ደም ከፈሰሰ ምርጫ የለም

ዱላውን እንዳየሁ ለአባባ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያን ብታነሳ ነገርህ ከእኔ እጅ ይወጣል» አሉኝ።

ስድብና ቀላል እጅ መሰንዘር የሚከሰሰው ተበዳዩ አቤት ካለ ነው፤ እሱ ከታረቀ ነገሩ ሊቆም ይችላል። ከባድ ጉዳትና ነፍስ ግን የመንግሥት ነገር ነው። ሁለቱ ቤተሰብ ተቃቅፎ ቢላቀስም ዐቃቤ ሕግ ክሱን ይቀጥላል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ተራ የሰው ግድያ እንኳ ከ5 እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል። ዕርቅና ካሳ ቅጣት ለማቅለል ሊታይ ይችላል እንጂ ክሱን አያፈርሰውም። «በሽማግሌ ጨርሰነዋል» ብሎ ገዳይን መደበቅ ራሱ ወንጀል ይሆናል።

ነገር ግን አባባ ሌላውንም ወገን ነገሩኝ፤ ይኼኛውን ከተማ ያደገ ሰው ብዙም አያስበውም። ገዳይ ታስሮ ቅጣቱን ጨርሶ ሲፈታ መንደሩ መግባት አይችልም። የሟች ወንድም ያለበት ገበያ አይወጣም፤ ልጆቹም በዚያ በኩል አያልፉም። ፍርድ ቤቱ ከመንግሥት ጋር ያለበትን ዕዳ ዘጋለት እንጂ ከሟች ቤተሰብ ጋር ያለውን አልዘጋለትም። ያኔ ነው የደም ሽማግሌ የሚያስፈልገው። ካህን ይዘው፣ ታቦት ጠቅሰው ይለምናሉ። ገዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ከሟች ቤተሰብ ፊት ይወድቃል። ካሳ ይቆረጣል፤ ከሁለቱም ወገን ዋስ ይጠራል። «እዚህ ላይ ምርጫ የለም፤ ሁለቱም ያስፈልጋል። መጀመሪያ የመንግሥቱ፣ ቀጥሎ የእኛ» አሉኝ።

ቤት ስገባ ዱላውን አንስቼ ጣሪያው ሥር ሰካሁት።

እናቴ የት ትቀመጣለች?

ሽምግልናው በሐምሌ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተጀመረ። ከየወገኑ ሁለት ሁለት፣ በጋራ የተመረጠ አንድ ሰብሳቢ፣ በጠቅላላ አምስት ሽማግሌ ተቀመጠ። አባባ አልተቀመጡም። ስለምናቸው «ላንተ መክሬ በመካከል ልቀመጥ? ነውር ነው» አሉኝ። ሽማግሌ ስትመርጡ ይህን መለኪያ ያዙ፦ አስቀድሞ ከአንዱ ወገን ጋር የመከረ ሰው በዚያ ነገር ላይ አይቀመጥም። ሌላው ወገን ያቀረበው ሰው ዘመድ ወይም ባለዕዳ ከሆነ ነገሩ ሳይጀመር «ይነሱልኝ» ማለት መብታችሁ ነው። ከተሰማ በኋላ ብትሉት ያስከፋል፤ አይጠቅምም።

አምስቱም ወንዶች ናቸው። እናቴ ከአጥሩ ወዲያ ከሴቶች ጋር ተቀመጠች፤ እኔን «ባለጉዳይ ተነስ» አሉኝ። ተነስቼ መናገር ጀመርኩ። ሰርዶውን አሳየን። አንደኛው ሽማግሌ ሄዶ በእጁ ነካው፤ ቀና ብሎ ምንም አላለም። ጎረቤታችን ግን «ድንጋዩን ጎርፍ ወስዶት ነው ያቆምኩት» አለ። ሽማግሌዎቹ ለብቻ መክረው መጡና ሰብሳቢው «ለሰላም ሲባል ግማሽ ግማሽ ተካፈሉት» አሉ።

የሽምግልና ትልቁ ድካም ይህ ነው፤ ማንም በግልጽ ስለማይጽፈው ረዘም አድርጌ ልናገር። ሽማግሌ የሚፈልገው ሁለቱም ሳይከፋቸው እንዲሄዱ ነው። ስለዚህ እጁ ሁልጊዜ ወደ መሐል ይሄዳል። ግን ሦስት እርምጃ የገፋ ሰው አንድ እርምጃ ተኩል ይዞ ከሄደ አተረፈ። ባለመብት ሴት ስትሆን ደግሞ «እሷ ምን ታደርግበታለች» የሚል ሐሳብ ሳይነገር አብሮ ይቀመጣል። ፍርድ ቤት መሐል አይፈልግም። ወሰኑ እዚህ ነው ካለ እዚህ ነው። ሕገ መንግሥቱም ሴት በመሬት ላይ ከወንድ እኩል መብት እንዳላት በአንቀጽ 35 ጽፏል፤ ዳኛ ፊት እናቴ ስትቀርብ ራሷ ከሳሽ ናት።

እሺ ልል ነበር፤ ደክሞኝ ነበር። ከአጥሩ ወዲያ እናቴ ተነሳች። ነጠላዋን አጣፍታ ገባችና «ጌቶቼ፣ ደብተሩ ላይ ያለው የእኔ ፎቶ ነው። የራሴን ግማሽ ከፍዬ ነው የምታረቀው?» አለች። ማንም አልመለሰላትም። ሰብሳቢው ለሚቀጥለው እሑድ ቀጠሩ።

ባለ ይዞታው ማን እንደሆነ አስቀድማችሁ አስቡ። ልጅ ለእናቱ ተወክሎ ፍርድ ቤት መቆም ይችላል፤ በሽምግልና ግን የምትናገረው እሷ ብትሆን ይሻላል። የምትሰጠውና የምታስቀረው የራሷን ነው።

ወረቀቱ

በሦስተኛው እሑድ አለቀ። ጎረቤታችን ድንጋዩን ወደ ሰርዶው መስመር ሊመልስ እሺ አለ። እናቴ በበኩሏ በዚያ ቁራጭ መሬት ላይ አምና ያበቀለውን ገብስ ተወችለት። ፍርድ ቤት ብንሄድ ያንንም ልንጠይቅ እንችል ነበር። እሷ ግን «ገብሱን ልጆቹ በልተውታል» አለች። እንዲህ ያለውን መተው የምትችለው ባለቤቷ ብቻ ናት፤ ሽማግሌ በእሷ ስም ሊተወው አይገባም።

ከዚያ ምርቃት ሊጀመር ሲል አባባ ከዳር ሆነው «ወረቀት!» አሉ። አንዳንዶቹ ሽማግሌዎች ቅር አላቸው፤ ቃላችን አይበቃም ወይ ዓይነት። አባባ አልተመለሱም። የቃል ዕርቅ ሽማግሌዎቹ በሕይወት እስካሉ ድረስ ነው የሚቆየው፤ ጎረቤታችን ቢሞት ልጁ «አልሰማሁም» ይላል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል ደግሞ በጽሑፍ መሆን እንዳለበት ሕጉ ይጠይቃል።

ሰነዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የሁለቱን ባለጉዳዮች ሙሉ ስም፣ የማሳውን መጠሪያና አዋሳኞች ጻፍኩ። «ድንበሩ በድሮው ቦታ ይሁን» ብቻ ብዬ ነበር፤ አባባ አሰረዙኝ። ድሮ የት እንደሆነ ነው እኮ ያጣላን። ስለዚህ ከመንገዱ ዳር ካለው ትልቅ ቋጥኝ እስከ ወሰኑ ድንጋይ ያለውን ርቀት በሜትር ለካን፤ ከታች በኩል ካለው የወንዝ ዳር ድንጋይም እንዲሁ። ገብሱ መቅረቱ ተጻፈ። ከዚህ በኋላ የሚገፋ ሰው የሚከፍለው መቀጫ ተጻፈ። ባለጉዳዮቹ፣ አምስቱ ሽማግሌዎችና ከሽማግሌ ውጭ ሁለት ምስክሮች ፈረሙ። እናቴ መጻፍ ስለማትችል በአውራ ጣቷ አተመች፤ ከማተሟ በፊት ጽሑፉ ሁለት ጊዜ እንዲነበብላት ጠየቀች።

ክስ ተከፍቶ በመሐል የታረቀ ሰው ከሆነ አንድ እርምጃ ይጨምር፦ የተፈረመውን ስምምነት ለችሎቱ አቅርቦ በመዝገቡ ያስይዘው። ያኔ ባላንጣው ቢያፈርስ አዲስ ክስ ሳያስፈልግ እንደ ፍርድ በአፈጻጸም ሊያስከብረው ይችላል። እኛ ክስ ስላልነበረን በሰኞው አንድ ቅጂ ለቀበሌው የመሬት ኮሚቴ፣ አንድ ቅጂ ለወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ሰጠን። የወረዳው ባለሙያ ማሳችን ለካርታ ሲለካ ይህን ይዛችሁ ቅረቡ አለን።

ድንጋዩን ያነሳነው ሁለታችን፣ እኔና ጎረቤታችን ነን። ከባድ ነበር። መስመሩ ላይ ስንደርስ እናቴ «ቆዩ» አለችንና ከሥሩ ያለውን የሰርዶ ሥር በእጇ እየነካች ትንሽ ወደ ግራ አስጠጋችን።